ክፍት መተላለፊያ ትቶ የሚዞር ሮቦት

ዕቃ የሚያመላልስ ሮቦት በገባበት መጋዘን ሠራተኞች ቶሎ የሚያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ሮቦቱ ጭነቱን ይዞ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ ይደርሳል። መተላለፊያው ባዶ ነው፤ ሰው የለበትም፣ የወደቀ ካርቶን የለበትም፣ መድረሻውም እዚያው ማዶ ይታያል። ሮቦቱ ግን አይገባም። ወደ ጎን ይታጠፍና በሰፊው መንገድ ዞሮ፣ ከእጥፍ በላይ ተጉዞ ማዶ ይደርሳል። ያየው ሰው «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። በያዘው ካርታ ላይ ሒሳቡን ሠርቶ መዞሩን ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ነው። ሒሳቡ የሚሠራው እንዴት እንደሆነ ያወቀ ሰው ደግሞ፣ ሁለት ቁጥሮችን በማስተካከል ብቻ ያንኑ ሮቦት በዚያው መተላለፊያ እንዲገባ ማድረግ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሮቦታችን 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ነው። በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ያለው መተላለፊያ አንድ ሜትር ይሰፋል፣ 10 ሜትር ይረዝማል። ሮቦቱ በአንዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ የሚሄደው ወደ ሌላው አፍ ነው። በመተላለፊያው ካልገባ ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ 7 ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ በዋናው መንገድ 10 ሜትር ይጓዛል፣ ከዚያ 7 ሜትር ወደ መድረሻው ይመለሳል። ድምሩ 24 ሜትር ነው። እነዚህ የዙሪያ መንገዶች ሦስት ሜትር ስፋት ስላላቸው መሀላቸውን ይዞ ለሚሄድ ሮቦት ምንም አያስጨንቁም።

ሮቦቱ ይህን ሁሉ የሚያየው በካሬዎች ነው። የመጋዘኑ ወለል እንደ ሒሳብ ደብተር በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል፤ በብዛት የተለመደው የካሬ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ መተላለፊያችን በወርዱ 20 ካሬ ብቻ ነው። መደርደሪያ ያለበት ካሬ «እንቅፋት» ተብሎ ይመዘገባል፣ የቀረው «ባዶ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። መንገድ ፈላጊው ፕሮግራም ከካሬ ወደ ካሬ ሲዘል የሚያስበው ስለ አንዲት ነጥብ ነው፤ የሮቦቱ መሀል ስለሆነችው ነጥብ። ነጥቧ ከመደርደሪያው አንድ ካሬ ርቃ ብታልፍ በፕሮግራሙ ዓይን ደህና አለፈች ማለት ነው። የሮቦቱ ጎን ግን መደርደሪያውን ገብቶበታል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላልና የሚያምር ነው። ቶማስ ሎዛኖ ፔሬዝና ማይክል ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት በግልጽ እንዳስቀመጡት፣ ሮቦቱን ወደ ነጥብ አሳንሰህ እንቅፋቶቹን ያንኑ ያህል ማወፈር ነው። ሮቦቱ ከመሀሉ እስከ ዳሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ እያንዳንዱ መደርደሪያ በካርታው ላይ በየአቅጣጫው 30 ሴንቲ ሜትር እንዲወፍር ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነጥቧ ወፍራሙን እንቅፋት እስካልነካች ድረስ እውነተኛው ሮቦት እውነተኛውን መደርደሪያ አይነካም።

ለክብ ሮቦት ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። የእኛ ሮቦት ግን አራት ማዕዘን ስለሆነ ሁለት የተለያዩ ልኮች አሉት። ከመሀሉ እስከ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመሀሉ እስከ ማዕዘኑ ግን 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የወርዱ ግማሽ 30፣ የርዝመቱ ግማሽ 40፣ የሁለቱ ሰያፍ 50። የትኛውን እንውሰድ? ጥንቃቄ የሚወድ ሰው ትልቁን ይመርጣል። መደርደሪያዎቹን ከሁለቱም ወገን 50 ሴንቲ ሜትር ካወፈርናቸው ግን አንድ ሜትር የሚሰፋው መተላለፊያ መሀል ለመሀል ተገናኝቶ ይዘጋል። ሮቦቱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ በአንድ ሜትር መንገድ «አላልፍም» ይላል። ትንሹን ከወሰድን ደግሞ በመሀል 40 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጭረት ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ቀጥ ብሎ ለሚያልፍ ሮቦት ይህ ትክክል ነው፣ ለሚዞር ሮቦት ግን አይደለም።

ስለዚህ «ይታለፋል» ወይም «አይታለፍም» ብቻ የሚል ካርታ በጠባብ ቦታ አይበቃም። የሚያስፈልገው ከመደርደሪያው በተራቅህ ቁጥር ቀስ እያለ የሚረክስ ካርታ ነው። በምድጃ ዙሪያ እንዳለ ሙቀት ማለት ነው፤ እሳቱ ላይ ያቃጥላል፣ አጠገቡ ይለበልባል፣ ራቅ ሲሉ ለብ ይላል፣ የበለጠ ሲርቁ ምንም የለም። ባለሙያዎቹ ኮስትማፕ፣ ማለትም የዋጋ ካርታ፣ የሚሉት ይህንን ነው። እያንዳንዱ ካሬ ዋጋ ይለጠፍበታል።

ብዙ የመጋዘን ሮቦቶች የሚሠሩበት ሮስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ በተለይም ናቭ2 የሚባለው የጉዞ ክፍሉ፣ ዋጋውን ከ0 እስከ 254 ባለ ቁጥር ይጽፋል፤ 255 «ምን እንዳለ አላውቅም» ለማለት የተያዘ ነው። እንቅፋቱ ራሱ ያለበት ካሬ 254 ነው። ከእንቅፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው ሁሉ 253 ይሆናል፤ የሮቦቱ መሀል እዚያ ከደረሰ ፊቱን ወደየትም ቢያዞር መጋጨቱ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ያለው ዋጋ በዚህ ቀመር እየወረደ ይሄዳል፦

```
252 × e^(−k × (d − r))
```

እዚህ ላይ d ከእንቅፋቱ ያለው ርቀት በሜትር ነው፣ r የሮቦቱ የወርድ ግማሽ፣ ማለትም 0.30 ነው፣ k ደግሞ ዋጋው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረክስ የሚወስነው ቁጥር ነው። ቀመሩ ለማያስደስተው አንባቢ ነገሩን በሌላ መንገድ ማለት ይቻላል። k 10 ሲሆን ከመደርደሪያው በየአንድ ካሬ በራቅን ቁጥር ከቀድሞው ዋጋ 61 በመቶ ያህሉ ይቀራል። k 3 ሲሆን ግን 86 በመቶው ይቀራል፤ ዋጋው ቶሎ አይወርድም። ሁለተኛው ቁጥር ይህ የዋጋ ቁልቁለት እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚዘልቅ የሚወስነው ነው። ከዚያ ርቀት ወዲያ ዋጋው በአንድ ጊዜ ዜሮ ይሆናል። በማስተካከያው ፋይል ውስጥ ሁለቱ እንዲህ ተጽፈው ይታያሉ፦

```yaml
inflation_layer:
  plugin: "nav2_costmap_2d::InflationLayer"
  inflation_radius: 0.55
  cost_scaling_factor: 10.0
```

አሁን ካርታው ዋጋ ስላለው ርካሹን መንገድ የሚፈልግ ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ኤ-ስታር የተባለው ዘዴ ነው። ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሼኪ በተባለችው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ላይ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ነው። ከእነሱ በፊት ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 ያሳተመው ዘዴ ነበር፤ እሱ ከመነሻው ጀምሮ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እየሰፋ መድረሻውን እስኪነካ ይፈልጋል። ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፣ ግን ወደ መድረሻው ፊቱንም ጀርባውንም ሰጥቶ ስለሆነ የሚፈልገው ብዙ ይደክማል።

ኤ-ስታር በየካሬው ሁለት ነገር ይደምራል። አንደኛው ከመነሻው እዚህ ለመድረስ እስካሁን የተከፈለው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከዚህ እስከ መድረሻው ይቀራል ተብሎ የሚገመተው ነው፤ በብዛት ግምቱ በመሀል ምንም እንደሌለ ቆጥሮ የሚለካ ቀጥታ ርቀት ነው። ከታዩት ካሬዎች ሁሉ ድምሩ ትንሽ የሆነውን ያነሳል፣ ጎረቤቶቹን ይመረምራል፣ እንደገና ትንሹን ያነሳል። ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ እስካልበለጠ ድረስ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው መንገድ ከሁሉ ርካሹ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ይህን ማረጋገጫ የሰጡት ሦስቱ ሰዎች ናቸው፤ ዘዴው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይረሳ የቆየውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ መተላለፊያችን እንመለስ። ናቭ2 ውስጥ ያለው NavFn የተባለው መንገድ ፈላጊ use_astar የሚለው ማብሪያ ሲበራለት በኤ-ስታር ይሠራል። አንድ ካሬ ለመራመድ የሚያስከፍለው እንዲህ ነው፦ ለማንኛውም እርምጃ 50፣ በዚያ ላይ የካሬው ዋጋ በ0.8 ተባዝቶ ይጨመራል። ባዶ ወለል ላይ አንድ እርምጃ 50 ነው። በመተላለፊያው መሀል ላይ ስንሄድ ከሁለቱም መደርደሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀን ነው፤ k 10 ከሆነ እዚያ ያለው ዋጋ 34 ነው። ስለዚህ አንድ እርምጃ 77 ገደማ ይወጣበታል፣ ከባዶ ወለል አንድ ተኩል እጥፍ በትንሹ ይበልጣል። 10 ሜትሩ መተላለፊያ ለሮቦቱ እንደ 15.5 ሜትር ባዶ ወለል ይከብደዋል ማለት ነው። ዙሪያው 24 ነው። ሮቦቱ ይገባል።

አሁን k ን ብቻ ከ10 ወደ 3 እንቀይር። ከናቭ2 ጋር በሚመጣው የናሙና ፋይል ውስጥ ተጽፎ የሚገኘው 3.0 ስለሆነ ፋይሉን እንዳለ ቀድቶ የተጠቀመ ሁሉ ይህንን ቁጥር ይዟል። የመሀሉ ካሬ ዋጋ ከ34 ወደ 138 ይወጣል፣ አንድ እርምጃም 160 ይሆናል። 10 ሜትሩ አሁን እንደ 32 ሜትር ይቆጠራል። ዙሪያው ግን አሁንም 24 ነው። ሮቦቱ ዞሮ ይሄዳል። መደርደሪያው አልተነካም፣ ሮቦቱ አልሰፋም፣ ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ቁጥር ነው የተቀየረው።

ፍለጋው በሁለቱ ሁኔታዎች ምን እንደሚያደርግ ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል። k 10 ሲሆን ኤ-ስታር በመተላለፊያው ውስጥ አምስት ሜትር ሲደርስ የከፈለው 7.75 ነው፣ ግምቱ ደግሞ 5፤ ድምሩ 12.75። በዚያው ጊዜ ወደ ጎን ያሉትንም ካሬዎች እየመረመረ ነው፤ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር ግን የከፈለው ይጨምራል፣ ለመድረሻው የቀረው ቀጥታ ርቀትም ይጨምራል። ወደ ጎን አራት ሜትር ተኩል ላይ ድምሩ 15.5 ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከመተላለፊያው መንገድ ስለሚወደድ አይነካም። ፍለጋው ሰፊውን ዋና መንገድ ሳያየው ያልቃል። k 3 ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በመተላለፊያው ውስጥ እያንዳንዱ ሜትር ከሦስት ሜትር በላይ ስለሚያስከፍል፣ ስድስት ሜትር ከ40 ገደማ ላይ ድምሩ 24 ይደርሳል። ኤ-ስታር እዚያ ድረስ ገብቶ፣ ማለትም በስሌቱ ውስጥ መንገዱን ከግማሽ በላይ አጋምሶ፣ ይተወዋል፤ በዙሪያ የመጣው ይቀድመዋል። ውጭ የቆመው ሠራተኛ ይህን አያይም። የሚያየው አፉ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ የሚታጠፍ ሮቦት ነው።

እዚህ የደረሰ አንባቢ «ታዲያ ዋጋውን ለምን አናነሳውም? 253ን ብቻ እናስቀምጥና ሌላው ዜሮ ይሁን» ሊል ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚያደርጉትም ይህንን ነው፤ inflation_radius ን ወደ 0.35 ያወርዱታል። መተላለፊያው ይከፈታል፣ ሮቦቱም ይገባል። ግን በመሀል 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ሁሉም ካሬ ዜሮ የሆነ ጠፍጣፋ ጭረት ይፈጠራል። ኤ-ስታር መሀሉን የሚመርጥበት ምክንያት የለውም። ከማዕዘን ታጥፎ ሲገባ አጭሩ መስመር ውስጠኛውን መደርደሪያ ተጠግቶ የሚያልፈው ስለሆነ እሱኑ ይይዛል። የሮቦቱ መሀል ከመደርደሪያው 35 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኑ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መንኮራኩሮቹን የሚያዘው ሌላኛው ፕሮግራም መስመሩን በትክክል ለመከተል ቢጥርም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማዘንበሉ አይቀርም፤ ያኔ የግጭት መከላከያው ያስቆመዋል። ሮቦቱ ባዶ መንገድ መሀል ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል። ይህን የሚያሳይ ሮቦት ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ጠፍጣፋ ጭረት ይሁን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ የቁልቁለቱ ርዝመት ከመተላለፊያው ግማሽ መብለጥ አለበት የሚል ነው። የእኛ መተላለፊያ ግማሹ 0.50 ስለሆነ 0.55 በትንሹም ቢሆን ያልፈዋል። ያኔ ከግራና ከቀኝ የሚወርዱት ሁለቱ ቁልቁለቶች መሀል ላይ ይገናኙና ሸለቆ ይሠራሉ፤ ኤ-ስታር ሳይነገረው የሸለቆውን ወለል ይዞ ይሄዳል። የናቭ2 አዘጋጆችም በመመሪያቸው ይህንኑ ይመክራሉ፦ ዋጋው በግድግዳዎች ጥግ ብቻ እንደ ቀጭን ቅብ ከሚቀመጥ፣ ቦታውን ሁሉ ለስልሶ እንዲሸፍነው።

ሁለተኛው ቁጥር ግን በሁለት በኩል ይጠበቃል። k ትንሽ ከሆነ የሸለቆው ወለል ከፍ ብሎ ስለሚቀር መተላለፊያው ይወደዳል፤ አይተነዋል። በዚያ ላይ ሸለቆው ራሱ ለዘብ ያለ ይሆናል። k 3 ሲሆን ከመደርደሪያው 35 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ እርምጃ 223 ነው፣ መሀል ላይ 160፤ ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አይሞላም። k 10 ሲሆን ያው እርምጃ 172 እና 77 ነው፤ ጥጉ ከመሀሉ ከእጥፍ በላይ ይወደዳል። k ን ወደ 40 ብንወስደው ደግሞ ዋጋው ሁለት ሦስት ካሬ ሳይሄድ ስለሚከስም መሀሉ እንደገና ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጥግ መያዙም ይመለሳል። ለዚህ ሮቦትና ለዚህ መተላለፊያ 10 ጥሩ ቁጥር ነው። ለሌላ መጋዘን ጥሩ ላይሆን ይችላል፤ የመተላለፊያውን ግማሽ ወርድ ለክቶ፣ ከላይ ያለውን ቀመር በመሀሉ ላይ አስልቶ፣ ውጤቱን ከዙሪያው ርዝመት ጋር ማወዳደር ግን ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው የሚችል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍለጋው ዘገየ ብሎ ግምቱን ማሳበጥ፣ ማለትም ቀጥታ ርቀቱን በሁለት ወይም በሦስት ማባዛት፣ የተለመደ ማፋጠኛ ነው። በተራ ካርታ ላይ ብዙም አይጎዳም። በዋጋ ካርታ ላይ ግን ማረጋገጫው ይፈርሳል፤ ፍለጋው ወደ መድረሻው በጣም ስለሚቸኩል መሀል ለመግባት የሚያስፈልገውን ትንሽ መታጠፍ ይዘለውና ውዱን ጥግ ይዞ ይመጣል። ለሸለቆው የተደከመበት ሁሉ በዚህ በአንድ ማባዣ ይጠፋል። በእኔ እምነት ለጠባብ መተላለፊያ ይህን ማፋጠኛ አለመንካት ይሻላል።

እስካሁን ያሰላነው ካርታው እውነቱን እንደሚናገር ቆጥረን ነው። በእውነተኛ መጋዘን ውስጥ መደርደሪያውን የሚያየው ላይዳር የተባለው በሌዘር ርቀት የሚለካ ሴንሰር ነው፤ መለኪያው ትንሽ ይዋዥቃል፣ ሮቦቱም የራሱን ቦታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊስት ይችላል። የመደርደሪያው ዳር በካርታው ላይ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ካሬ ወደ ውስጥ ቢገባ መተላለፊያው 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የመሀሉ ዋጋ ወደ 56 ይወጣል፣ 10 ሜትሩም እንደ 19 ሜትር ይቆጠራል፤ ሮቦቱ አሁንም ይገባል። ሁለት ሁለት ካሬ ቢገባ ግን መሀሉ 92 ይሆናል፣ መንገዱም እንደ 24.7 ሜትር። ዙሪያው 24 ነበር። በ80 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ሮቦት በደንብ ያልፋል፤ ሒሳቡ ግን ለጥቂት ተገልብጧል። አንዳንድ ሮቦት ጠዋት ገብቶ ከሰዓት የሚዞረው፣ ሠራተኛውም «እንደ ስሜቱ ነው» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በዚህች ጠርዝ ላይ ስለቆመ ነው። እንዲህ ሲሆን k ን ትንሽ ከፍ ማድረግ ወይም የካርታውን መደርደሪያዎች ከሴንሰሩ ሳይሆን ከመጋዘኑ ፕላን ላይ በቀጥታ መሳል ይረዳል።

ሌላው፣ ለረጅም ጠባብ መተላለፊያ የተለየ የሚባል ችግር፣ የሌለ ሰው ነው። ሠራተኛ በመተላለፊያው ያልፋል፤ ላይዳሩ ያየዋል፣ ካርታው ላይ እንቅፋት ይመዘገባል፣ ዙሪያው ይወፍራል፣ መንገዱ ይዘጋል። ይህ ትክክል ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ምልክቱ የሚጠፋው የሌዘሩ ጨረር በዚያ ቦታ ላይ አልፎ ከኋላ ያለ ሌላ ነገር ሲነካ ነው፤ «እስከዚያ ድረስ ባዶ ነው» ብሎ ያጸዳል። መተላለፊያው ረጅም ሆኖ ጨረሩ ምንም ሳይነካ ከቀረ ግን ሴንሰሩ «ወሰን የለውም» የሚል መልስ ይሰጣል፣ ሶፍትዌሩም ካልተነገረው በስተቀር ይህን መልስ ይጥለዋል። ሰውየው ሄዶ ምልክቱ ይቀራል። inf_is_valid የሚለውን ቅንብር true ማድረግ ያንን መልስ እንደ ባዶ ቦታ እንዲቆጥረው ያደርጋል። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የቀረ ምልክት ብዙ አይጎዳም፣ ሮቦቱ ጎኑን ይዞ ያልፋል። በአንድ ሜትር መተላለፊያ ውስጥ ግን አንድ የቀረ ምልክት መንገዱን ሁሉ ይዘጋዋል።

ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት አርቪዝ የተባለው የሮስ ማሳያ አለ። የዋጋ ካርታውን ሲከፍቱት እንቅፋቱ ራሱ በሐምራዊ፣ 253 የሆነው ቀበቶ በፈዛዛ ሰማያዊ፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ከቀይ ወደ ደማቅ ሰማያዊ እየተለወጠ ይታያል። በጠባብ መተላለፊያ ላይ ዓይን የሚጣልባቸው ሁለቱ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀበቶዎች ናቸው። በመካከላቸው ቀለሙ እየቀነሰ የሚሄድ ሸለቆ ካለ ጤነኛ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ ከተነካኩ መንገዱ እዚያ ተዘግቷል፤ ሄደው ያንን ቦታ በሜትር ለክተው ካርታው ትክክል ይሁን አይሁን ማረጋገጥ ይቻላል። በመካከላቸው ምንም ቀለም የሌለው ጠፍጣፋ ካለ ቁልቁለቱ አጥሯል። ካርታው ግን ላይዳሩ ያላየውን አያሳይም። ላይዳሩ ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ከመደርደሪያው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ፓሌት በካርታው ላይ የለም፤ ለዚህ ከፍ ብሎ የሚያይ ሌላ ካሜራ ወይም ሴንሰር ያስፈልጋል።

መጋዘኖች ሁሉ ይህን ጣጣ አይሸከሙም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመውና በ2012 አማዞን በ775 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ኪቫ ሲስተምስ ሮቦቶቹን ወለሉ ላይ በተለጠፉ ምልክቶች መካከል፣ ሰው በማይገባበት ሜዳ ላይ እንዲሄዱ አደረገ፤ መንገዱ አስቀድሞ ስለተሰመረ ስፋቱ የሚያከራክር አይደለም። የዋጋ ካርታው ጭንቀት የሚመጣው ሮቦቱ ለሰው ተብሎ በተሠራ፣ ሰውና ጋሪ በሚተላለፍበት መጋዘን ውስጥ ሲገባ ነው።

የቀረው በቁጥር የማይስተካከለው ነው። የሮቦታችን ሰያፍ ከመሀል 50 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ባለበት ቆሞ ለመዞር አንድ ሜትር ሙሉ ያስፈልገዋል። መተላለፊያው አንድ ሜትር ነው። ካሬዎቹን ብቻ የሚያየው ኤ-ስታር ሮቦቱ ፊቱን ወደየት እንዳዞረ ስለማያውቅ በመሀል መተላለፊያ ላይ ወደኋላ የሚመልስ መንገድ ቢሰጠው አያፍርም። ሮቦቱ ሲጨንቀው ባለበት ዙሮ አካባቢውን እንዲቃኝ የሚያደርገው የተለመደ የመውጫ ዘዴም እዚህ ማዕዘኑን ከመደርደሪያ ጋር ያላትመዋል፤ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ መዞሩን አጥፍቶ በምትኩ ወደኋላ ማፈግፈግን መተካት ግድ ነው። ፊቱንም የሚያስላ ዘዴ አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በተካሄደው የራስ ነጂ መኪኖች ውድድር ሁለተኛ ለወጣችው ጁኒየር ለተባለችው መኪና የተጠቀመበት ሃይብሪድ ኤ-ስታር፣ በየካሬው ላይ አቅጣጫንም ጨምሮ ይፈልጋል፣ መኪናው ሊጠመዘዝ የሚችለውን ያህል ብቻ ያጠማዝዛል፣ እያንዳንዱን አቋም ከሙሉ ቅርጹ ጋር ይፈትሻል። ናቭ2 ውስጥም ይገኛል። ሒሳቡ የበለጠ ይከብዳል፤ ለረጅም ሮቦትና ለጠባብ መንገድ ግን ክብደቱ ይገባዋል። እሱን መጠቀም ያልቻለ ደግሞ መተላለፊያውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲታለፍ በካርታው ላይ ያስራል፣ መዞሪያውንም ሦስት ሜትር በሚሰፋው አፍ ላይ ያደርጋል።